ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ሁሉ አትማርም፦ ስለ ሰዘርላንድ ንድፈ ሐሳብ ለቀረበ የፈተና መልስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዲፈረንሻል አሶሲዬሽን በተባለው ንድፈ ሐሳብ መሠረት የወንጀል ባህሪ በቅርብ ቡድኖች ውስጥ የሚለመደው እንዴት ነው? በአጭሩ አስረዳ። (6 ነጥብ)»

ተማሪዎች የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ የሰጠው መልስ፦ «ሰዘርላንድ ወንጀል ከመጥፎ ጓደኛ ይመጣል ይላል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች እንደሚባለው ከወንጀለኞች ጋር የዋለ ሰው ወንጀለኛ ይሆናል። ልጁ በጓደኞቹና በፊልም የሚያየውን ይኮርጃል። የሚማረውም የወንጀሉን አሠራር ነው። ዋናው መነሻ ድህነትና የገንዘብ ፍላጎት ስለሆነ ንድፈ ሐሳቡ የሚያገለግለው ለድሆች ሰፈር ነው።»

አምስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አጫጭርና ለመሸምደድ የተመቹ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ስለዚህ ነው። የወንጀል ጥናት ፈተና ለዓመታት ሳርም ይህንኑ መልስ በልዩ ልዩ የእጅ ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ሌሊቱን ሲያነቡ ያደሩ መሆናቸው ከወረቀታቸው ያስታውቃል። ያሳሳታቸው ያነበቡት ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን በየተራ እይዛቸዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የቀሩት ስህተቶች ሥር ስለሆኑ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ኤድዊን ሰዘርላንድ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ነበር። ንድፈ ሐሳቡን በመማሪያ መጽሐፉ 3ኛ እትም በ1939 አስተዋወቀ፤ ዛሬ የምናጠናቸውን ዘጠኝ ነጥቦች ይዞ የወጣው ደግሞ 4ኛው እትም ነው፤ ዓመቱ 1947 ነበር። ከዘጠኙ በአንዱም «መጥፎ ጓደኛ» የሚል ቃል አይገኝም። የሁሉም ማዕከል ስድስተኛው ነጥብ ነው፦ ሰው ሕግ የሚጥሰው፣ ሕግ መጣስን የሚደግፉ ፍቺዎች ሕግ መጣስን ከሚቃወሙት በልጠው ሲገኙ ነው።

«ፍቺ» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ብዙ ሸክም አለባት። ፍቺ ማለት ለአንድ ድርጊት የምንሰጠው ስምና ትርጉም ነው። ከሥራ ቦታ ዕቃ ይዞ መውጣት ለአንዱ «ስርቆት» ነው፤ ለሌላው «ያልተከፈለኝ የድካሜ ዋጋ» ነው። እጁ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ የተለያየው ስሙ ነው፤ ወንጀሉን የሚቻል የሚያደርገውም ያ ስም ነው። ስለዚህ ሰው ከቅርቦቹ የሚወርሰው ከምንም በፊት እነዚህን ስሞች ነው።

ይህን የተረዳ ሰው «መጥፎ ጓደኛ» የሚለው አባባል የት ላይ እንደሚሰናከል ወዲያው ያያል። በሕይወቱ አንድ መርፌ ያልሰረቀ አባት ማታ ማታ በገበታ ላይ «የድርጅት ዕቃ የማንም አይደለም፤ ያልወሰደ ሞኝ ነው» እያለ ቢያወራ፣ ለልጁ የሰጠው ሕግ መጣስን የሚደግፍ ፍቺ ነው። በአንጻሩ ዕድሜውን በስርቆት የጨረሰ አጎት የወንድሙን ልጅ አስቀምጦ «እኔ ያየሁትን አትይ፤ የሰው ንብረት አትንኪ» ቢል፣ የሰጣት ሕግ መጣስን የሚቃወም ፍቺ ነው። ንድፈ ሐሳቡ የሚቆጥረው የተነገረውንና የታየውን ትርጉም ነው፤ የተናጋሪውን የወንጀል መዝገብ አይጠይቅም። ተማሪዎች ነጥብ ከሚያጡባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወደ ጊደሯ ልምጣ። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ባህሪ የሚለመድ እንጂ አብሮ የሚወለድ አለመሆኑን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ ይህም የሰዘርላንድ የመጀመሪያ ነጥብ ነው። ችግሩ ተረቱ አንዷን ጊደር ብቻ ማየቱ ነው። ከአህያ ጋር ውለው ሳይማሩ የሚመለሱት ጊደሮችስ? የእስር ቤት ጠባቂ ከማንም በላይ ቀኑን የሚያሳልፈው ከወንጀለኞች ጋር ነው። መርማሪ ፖሊስ፣ ተከላካይ ጠበቃ፣ ዳኛም እንዲሁ ናቸው። አብሮ መዋል ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ከሁሉ አስቀድመው የሚወድቁት እነሱ በሆኑ ነበር።

መልሱ በንድፈ ሐሳቡ ስም ውስጥ ተቀምጧል። «አሶሲዬሽን» ቁርኝት ነው፤ «ዲፈረንሻል» ደግሞ ቁርኝቱ የተለያየና የተመዛዘነ መሆኑን ይናገራል። የጽሑፉ ባለቤት «አሶሲዬሽን»ን ይዞ «ዲፈረንሻል»ን ጥሎታል። እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም ወገን ፍቺዎችን ይቀበላል፦ ሕግን ከሚያስከብረውም፣ ሕግን ከሚያቃልለውም። ጥያቄው የትኛው በለጠ የሚል ነው። ሰዘርላንድ ራሱ ስድስተኛውን ነጥብ ሲያብራራ፣ ሰዎች ወንጀለኛ የሚሆኑት ከወንጀል ልማዶች ጋር በመገናኘታቸው፣ ደግሞም ወንጀልን ከሚቃወሙ ልማዶች በመነጠላቸው ነው ብሏል። ይህ ሁለተኛው ግማሽ፣ መነጠሉ፣ በአጫጭር መልሶች ውስጥ ሁልጊዜ ይጠፋል። የእስር ቤቱ ጠባቂ ማታ ቤቱ ይገባል፤ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ደንቡና የደንብ ልብሱ ሳይቀሩ ተቃራኒውን ፍቺ በየቀኑ ይሰጡታል፤ እስረኛው የሚለውንም የሚሰማው ሊያምነው ብሎ አይደለም።

«በለጠ» ስንል ግን በጣት ቆጥረን አይደለም። ሰባተኛው ነጥብ ቁርኝቶች በአራት ነገር እንደሚለያዩ ይናገራል። አንደኛው ድግግሞሽ ነው፤ ፍቺው ስንት ጊዜ ይመጣል? ሁለተኛው የቆይታ ርዝመት ነው፤ ግንኙነቱ ለሳምንት ነው ወይስ ለዓመታት? ሦስተኛው ቀዳሚነት ነው፤ በልጅነት የገባ ልማድ፣ ቀናም ይሁን ጠማማ፣ ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል። አራተኛው ጥልቀት ነው፤ ይህም የተናጋሪው ክብርና ከእሱ ጋር ያለን የስሜት ትስስር ነው። ቅርብ ቡድን የወንጀል ትምህርት ዋና ቦታ የሆነው አራቱም አንድ ላይ የሚገኙበት ስፍራ ስለሆነ ነው። ቤተሰብና የልብ ወዳጅ ደጋግመው፣ ለረጅም ጊዜ፣ ቀድመው ይደርሱናል፤ ፊታቸው ሲጠቁርብንም ያመናል። ጥያቄው «በቅርብ ቡድኖች ውስጥ እንዴት» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ምሳሌ ልዘርዝር፤ ለማስተማር ያዘጋጀሁት ነው። የ19 ዓመት ወጣት በአንድ መጋዘን ሥራ ይጀምራል። ከእሱ ጋር አራት ነባር ሠራተኞች አሉ፤ ምሳ የሚበሉት አብረው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከመካከላቸው አንጋፋው፣ ሁሉም የሚያከብሩት ሰው፣ አንድ ካርቶን ከፍቶ ሁለት ዕቃ ያወጣና በመዝገቡ ላይ «የተሰበረ» ብሎ ይጽፋል። ወጣቱ ያያል፤ ምንም አይልም። አንጋፋውም ምንም አይለውም። በዚህ ሰዓት ወጣቱ ድርጊቱን አውቋል፤ ስሙን ግን አላወቀም፤ በልቡ ያለው ከእናቱ የተማረው ስም ነው፦ ስርቆት።

በሁለተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት ወሬው ይመጣል። «ባለፈው ወር የሠራነውን ትርፍ ሰዓት ማን ከፈለን?» ይላል አንዱ። «ኪሳራውን ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል፤ የሚጎዳ ሰው የለም» ይላል ሌላው። ማንም ወጣቱን አላስተማረውም፤ እርስ በርሳቸው ነው የሚያወሩት። እሱ ግን እየሰማ ነው፤ በየቀኑ፣ ከሚያከብራቸው ሰዎች አፍ። በሁለተኛው ወር አንጋፋው ከዕቃው አንዱን ይሰጠውና «ይህ የድርሻህ ነው» ይለዋል። «ድርሻ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ስርቆትን ወደ ደሞዝነት ቀየረችው። አለመቀበል ደግሞ ከምሳው ገበታ መነሳት ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ወጣቱ ራሱ መዝገቡ ላይ «የተሰበረ» ብሎ ይጽፋል፤ አንጋፋውም በወር ከስንት ካርቶን በላይ መጻፍ እንደሚያስጠረጥር፣ የትኛው ዕቃ ሲቆጠር እንደማይመረመር ይነግረዋል።

አሁን በዚያው መጋዘን በዚያው ሳምንት የተቀጠረች አንዲት ወጣት እንጨምር። ተመሳሳይ ደሞዝ፣ ተመሳሳይ አንጋፋ፣ ተመሳሳይ ወሬ። እሷ ግን የምትሠራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድግግሞሹ ያንሳል። ምሳዋን ከታላቅ እህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው የምትበላው፤ እህቷ ሒሳብ መርማሪ ናት፤ «የተሰበረ» ተብሎ የሚጻፍን ነገር እሷ በስሙ ትጠራዋለች። የአንጋፋው ክብርም ለእሷ ያን ያህል አይደለም። በሦስተኛው ወር አንዲት ዕቃ አልነካችም። ሁለቱም ከአንድ ሌባ ጋር ሠርተዋል፤ በጽሑፉ ቀመር ሁለቱም ሌቦች መሆን ነበረባቸው። ልዩነታቸውን የሚያስረዳው ሚዛኑ ነው። ወጣቱ ዘንድ የእናቱ ቃል ቀዳሚነት ነበረው፤ ነገር ግን ለሥራው ሲል ከቤተሰቡ ርቆ ይኖራል፤ የእናቱን ቃል የሚያድስለት ሰው በየቀኑ አላገኘም። መነጠል ያልኩት ይህንን ነው።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር፣ ኩረጃና ፊልም፣ በዚህ ምሳሌ ቶሎ ይፈታል። ወጣቱ በመጀመሪያው ሳምንት አይቷል፤ አልኮረጀም። መካከል ላይ የገባው ወሬ፣ ስጦታ፣ ማመካኛና ባልደረቦቹን ላለማስቀየም መፈለግ ነው። ስምንተኛው ነጥብ ወንጀልን መማር ሌላውን ማንኛውንም ነገር ስንማር የምንጠቀምበትን መንገድ ሁሉ እንደሚጨምር፣ በኩረጃ ብቻ እንደማይወሰን በግልጽ ይናገራል። ፊልሙን በተመለከተ ደግሞ ጽሑፉ ከምንጩ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ሰዘርላንድ ሦስተኛውን ነጥብ ሲያብራራ ፊልምና ጋዜጣን የመሰሉ ከሰው ጋር የማያገናኙ መገናኛዎች ድርሻቸው አነስተኛ ነው ብሏል። በዛሬው ዘመን ይህ አመለካከቱ ይከራከሩበት ይሆናል፤ ሰው በስክሪን በኩልም የቅርብ ወዳጅ ያፈራልና። ነገር ግን ጥያቄው «በንድፈ ሐሳቡ መሠረት» ብሎ ከጠየቀ፣ እሱ ዝቅ ያደረገውን ነገር በስሙ ከፍ አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው።

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽነቱ ያስቆጨኛል፤ ሊሟላ ጥቂት ነበር የቀረው። አራተኛው ነጥብ ትምህርቱ ሁለት ክፍል እንዳለው ይናገራል። አንዱ አሠራሩ ነው፤ አንዳንዴ እጅግ የተወሳሰበ፣ አንዳንዴም እጅግ ቀላል። ሁለተኛው የፍላጎት፣ የማመካኛና የአመለካከት አቅጣጫ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ አሠራሩ አንድ ቃል መጻፍ ብቻ ነው፤ ማንም ማንበብና መጻፍ የሚችል ያውቀዋል። ለሁለት ወር የተለመደው ማመካኛው ነው። አሠራሩ ክብደት የሚያገኝበት ሌላ ጫፍም አለ፤ ሰዘርላንድ በ1937 ከአንድ የሙያ ሌባ ጋር ተባብሮ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሙያ ሌባ ለመሆን ነባር ሌቦች መርጠው ሊቀበሉና ሊያሠለጥኑ ግድ መሆኑን አሳይቷል። እዚያ እንኳ ክህሎቱ የሚገኘው በቡድኑ ዕውቅና በኩል ነው። ሁለቱንም ክፍል ያልጻፈ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ንድፈ ሐሳቡን በራሱ በሰዘርላንድ ላይ ያዞራልና። ዘጠነኛው ነጥብ የተጻፈው ይህንኑ አስተሳሰብ ለማፍረስ ነው፦ ሌባ የሚሰርቀው ገንዘብ ለማግኘት ነው፤ ሐቀኛ ሠራተኛም የሚሠራው ገንዘብ ለማግኘት ነው። አንድ ፍላጎት ሁለቱንም ከገፋ፣ ልዩነታቸውን ማስረዳት አይችልም። የመጋዘኑ ሁለት ወጣቶች ደሞዛቸው እኩል እንዲሆን ያደረግሁት ይህንን ለማሳየት ነው።

ስለ ሰፈሩ ደግሞ ሰዘርላንድ የሚሰጠው ምሳሌ ይበቃል። ወንጀል በበዛበት ሰፈር የሚኖር፣ ተግባቢና ስፖርተኛ የሆነ ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይቀላቀልና ልማዳቸውን ሊማር ይችላል፤ በዚያው ሰፈር ገለልተኛ ሆኖ ቤት የሚውለው ልጅ ላይማር ይችላል። ተግባቢው ልጅ በሌላ ቦታ ቢወለድ ያው ተግባቢነቱ ወደ ስካውት ቡድን ይወስደው ነበር። ሰፈር የሚሠራው ማንን እንደምናገኝ በመወሰን ነው።

ሰዘርላንድ ደግሞ ድህነትን እንደ ማብራሪያ የተወው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አልነበረም። በ1939 መጨረሻ ፊላደልፊያ ላይ ለአሜሪካ የማኅበረሰብ ጥናት ማኅበር ባደረገው የፕሬዚዳንትነት ንግግር ባለክብር ሰዎች በሥራቸው ላይ ለሚፈጽሙት ወንጀል «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚለውን ስያሜ አስተዋወቀ። በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ 70 ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መርምሮ በእነሱ ላይ የተሰጡ 980 ውሳኔዎችን ቆጠረ፤ ከ70ዎቹ አንድ እንኳ ንጹሕ የለም፤ በአማካይ ለእያንዳንዱ 14 ይደርሳል። እነዚህ ድሆች አይደሉም። በዚያው መጽሐፍ አንድ የጫማ ሻጭ ሥራ ሲጀምር አለቃው፣ የደንበኛው ልክ ካለ ልኩን እንደሚሸጥለት፣ ከሌለ ግን ለመሸጥ ሲል የማይሆነውንም እንደሚያጫማው የነገረበት ታሪክ አለ። ንግግሩን ከመጋዘኑ ምሳ ጋር አስተያዩት፤ አሠራሩ አንድ ነው። ንድፈ ሐሳቡን የድሆች ሰፈር ብቻ ማድረግ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቻል አይመስለኝም።

እንግዲህ በስድስት ነጥብ ምን ይጻፍ? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«በሰዘርላንድ ንድፈ ሐሳብ የወንጀል ባህሪ የሚለመደው ከሌሎች ጋር በሚደረግ ግንኙነት፣ በተለይም እንደ ቤተሰብና የልብ ወዳጆች ባሉ ቅርብ ቡድኖች ውስጥ ነው። ሰው በዚያ የወንጀሉን አሠራር ብቻ ሳይሆን ፍላጎቱን፣ ማመካኛውንና አመለካከቱን ጭምር ይማራል። እነዚህም ሕግን የሚያስከብሩ ወይም የሚያቃልሉ ፍቺዎች ሆነው ይደርሱታል። ሕግ መጣስን የሚደግፉት ከሚቃወሙት ሲበልጡ ሰውየው ሕግ ይጥሳል። የእያንዳንዱ ቁርኝት ክብደት በድግግሞሹ፣ በቆይታው፣ በቀዳሚነቱና በጥልቀቱ ይለያያል። ለምሳሌ አዲስ ሠራተኛ ከሚያከብራቸው ባልደረቦቹ ዕቃ መውሰድ ‹ድርሻ› ነው ሲባል በየቀኑ ከሰማና ተቃራኒውን የሚነግረው ሰው ከሌለው፣ ድርጊቱን በዚያ ስም ሊፈጽመው ይችላል።»

ነጥቡን ሳካፍል፣ ለቅርብ ቡድንና ለግንኙነት 1፣ ለሁለቱ የትምህርት ክፍሎች 2፣ ለፍቺዎች ሚዛን 2፣ ለአራቱ መለኪያዎች ወይም ለደኅና ምሳሌ 1 እሰጣለሁ። ዘጠኙን ነጥብ ሸምድዶ በቅደም ተከተል የዘረዘረ ግን ስለ ሚዛኑ አንድም ማብራሪያ ያልሰጠ፣ አጭር ግን የተረዳ መልስ ከጻፈው ያነሰ ያገኛል።

ጥያቄው «ገምግም» ቢል ደግሞ ሁለት ነገር መጨመር ይገባል፤ ጽሑፉ በዚህ ረገድ ምንም አላለም። የመጀመሪያው፣ ሚዛኑን ማንም ሊለካው አለመቻሉ ነው፤ አንድ ሰው በሕይወቱ የሰማቸውን ፍቺዎች ከሁለቱም ወገን ማን ሊቆጥር ይችላል? ስለዚህ አንዱ ሲሰርቅ «የደጋፊዎቹ ፍቺ በልጦ ነው»፣ ሌላው ሳይሰርቅ «አልበለጠም ነበር» ማለት ይቀላል፤ ይህ ውጤቱን በራሱ በውጤቱ የሚያስረዳ ክብ ሐሳብ ነው። በመጋዘኑ ምሳሌ ላይም ሁለቱን ወጣቶች የለየኋቸው ውጤቱን አውቄ መሆኔን ተማሪ ቢነግረኝ ልክ ነው እለዋለሁ።

ሁለተኛው ከራሱ ከሰዘርላንድ ተማሪ የመጣ ነው። ዶናልድ ክሬሲ የተጣለባቸውን የገንዘብ አደራ አጉድለው የታሰሩ ሰዎችን በእስር ቤት እየዞረ አነጋገረ፤ ጥናቱን በ1953 አሳተመ። ብዙዎቹ ለብቻቸው ነው የሠሩት፤ አስተማሪ ቡድን አልነበራቸውም። ለማንም ሊነግሩት ያልቻሉት የገንዘብ ጭንቀት ነበረባቸው፤ ከመውሰዳቸው በፊትም ለራሳቸው «እበደራለሁ እንጂ አልሰርቅም» ብለዋል። ክሬሲ ንድፈ ሐሳቡ በዚህ ወንጀል ላይ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን በተጨባጭ ማሳየት እንደሚያጠራጥር ጽፏል። «እበደራለሁ» የምትለው ቃል ከየት መጣች? ከሌቦች ቡድን አይደለም፤ ከተራው፣ ሕግ አክባሪ ከሆነው ሰው የዕለት ንግግር ነው። ማመካኛው የተለመደ ነው፤ ያስለመደው ቡድን ግን ጥያቄው ውስጥ የተጻፈው ዓይነት ቅርብ ቡድን መሆኑ ያጠያይቃል።